ቀብድ ከመክፈል በፊት፦ በመሬት ሽያጭ ውል ላይ ባለመብትነትን፣ ዕዳና እገዳን እንዲሁም ወሰንን የማረጋገጥ አሠራር

ረቂቅ የመሬት ሽያጭ ውል እንድመረምር ሲሰጠኝ ከሁሉ አስቀድሜ የማነበው ቦታው የተገለጸበትን አንቀጽ ነው። ዋጋው፣ የክፍያው ቀንና የቅጣቱ መጠን ሁሉ በዚያ አንቀጽ ላይ የቆሙ ናቸው፤ የሚሸጠው ቦታ የትኛው እንደሆነ በትክክል ካልታወቀ የተቀረው ጽሑፍ ስለ ሌላ ቦታ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። በዚህ መመሪያ የማሳየው ገዥ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሻጩ የመሸጥ መብት ያለው መሆኑን፣ በቦታው ላይ ሌሎች ሰዎች ያላቸውን መብት፣ በውሉ የተጻፈውም ወሰን ከመዝገቡና ከመሬቱ ጋር መስማማቱን በምን ቅደም ተከተል ማረጋገጥ እንደሚችል ነው። አካሄዱ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቦታ ይዤ እስከ መጨረሻው እከተለዋለሁ።

ቦታው አራት ጎን ያለው ነው። ረቂቁ ውል የቦታው ስፋት 1,440 ካሬ ሜትር እንደሆነ፣ ቦታው «ከማናቸውም ዕዳና እገዳ ነፃ» እንደሆነ፣ ገዥውም ውሉ በተፈረመ ዕለት ከጠቅላላው ዋጋ 10 በመቶውን በቀብድ እንደሚከፍል ይናገራል። ቦታው ዙሪያውን ታጥሯል፤ አጥሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ገዥው ሁለት ጊዜ ሄዶ አይቶት ወድዶታል። ከውሉ አባባሎች ውስጥ ስለ ስፋቱ የተጻፈውም ሆነ ስለ ዕዳና እገዳ የተጻፈው ትክክል አለመሆኑ የታወቀው ግን በጉብኝት ሳይሆን በወረቀት ምርመራ ነበር።

ምርመራው ከቀብዱ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ቀብድ ከተራ ቅድሚያ ክፍያ የተለየ ውጤት ስላለው ነው። በብዙ የሲቪል ሕግ አገሮች ቀብድ የሰጠ ገዥ ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ገዥው ከፍሎ ካበቃ በኋላ ጉድለት ቢያገኝና «አልፈልግም» ቢል፣ ጉድለቱ በውሉ መሠረት የሻጩ ጥፋት መሆኑን ማስረዳት እስካልቻለ ድረስ ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል። ከመክፈሉ በፊት ያገኘው ጉድለት ግን መደራደሪያው ነው።

አንደኛ፦ የመዝገቡን ግልባጭ ራስዎ ያውጡ

ሻጩ የሚያሳይዎት የይዞታ ማረጋገጫ ወይም ካርታ የተሰጠበትን ቀን ሁኔታ ብቻ ይናገራል። ካርታው ከተሰጠ በኋላ ቦታው ተይዞ፣ ተከፍሎ ወይም ለሌላ ተላልፎ ሊሆን ይችላል፤ በሻጩ እጅ ያለው ወረቀት ግን ይህ ሁሉ ሲሆን አይለወጥም። ስለዚህ ከሻጩ የሚወስዱት የቦታውን መለያ ቁጥር ብቻ ይሁን፤ በዚያ ቁጥር ወደ መዝገብ ቤቱ ራስዎ ወይም ጠበቃዎ ሄዶ የቅርብ ቀን ያለው ግልባጭ ያውጣ። ሻጩ «እኔ አውጥቼ አመጣልሃለሁ» ቢል አመስግነው በራስዎ መንገድ ይሂዱ፤ የተጭበረበሩ ግልባጮች ገዥ እጅ የሚገቡት ብዙ ጊዜ በዚህ ቅን በሚመስል ትብብር ነው።

ግልባጩን ከማንበብዎ በፊት መዝገቡ ምን ዓይነት እንደሆነ ይወቁ፤ የምርመራው ጥልቀት በዚህ ይወሰናል። የባለመብትነት ምዝገባ ባለባቸው አገሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1858 በደቡብ አውስትራሊያ ሕግ ሆኖ የወጣውን የቶረንስ ሥርዓት በሚከተሉት ዘንድ ለምሳሌ፣ መብት የሚገኘው በመዝገቡ ስለሆነ ዋናው ጥያቄ መዝገቡ ዛሬ ምን ይላል የሚለው ነው። የሰነድ ምዝገባ ብቻ ባለበት አገር ግን መዝገብ ቤቱ ሰነዶቹን ተቀብሎ ያስቀምጣል እንጂ ሰነዱን የሰጠው ሰው በእርግጥ ባለቤት ስለመሆኑ ዋስ አይሆንም። እዚያ እያንዳንዱ ሻጭ ቀደም ባለው ሰነድ ላይ ገዥ ወይም ወራሽ ሆኖ መገኘቱን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ማየት ያስፈልጋል። ወደ ኋላ የሚቆጠረው ዘመን በአገሩ ሕግ ይወሰናል፤ በእንግሊዝና ዌልስ ያልተመዘገበ መሬት ሲሸጥ መነሻው ሰነድ ቢያንስ የ15 ዓመት ዕድሜ ሊኖረው ይገባል። መሬት ራሱ በማይሸጥበትና የሚተላለፈው የመጠቀም መብት ወይም ሊዝ በሆነበት አገር ደግሞ በመጀመሪያ የሚጣራው መብቱ ሊተላለፍ የሚችል መሆኑ፣ ለማስተላለፍ የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልግና ስንት ዓመት እንደቀረው ነው።

ሁለተኛ፦ የሚፈርመው ሰው ባለመብቱ ነው ወይ?

በመዝገቡ የሰፈረውን ሙሉ ስም፣ በውሉ የተጻፈውን ስምና የሻጩን መታወቂያ ጎን ለጎን አስቀምጠው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። የአያት ስም መጉደል ወይም የአንድ ፊደል ልዩነት ትንሽ ነገር ቢመስልም ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ሊያመለክት ስለሚችል፣ አንድ ሰው መሆኑ በጽሑፍ ማስረጃ እስኪረጋገጥ ድረስ አይለፉት።

መዝገቡ ከአንድ በላይ ስም ከያዘ ሁሉም መፈረም አለባቸው። ንብረቱ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ከሆነ በብዙ አገሮች በመዝገቡ የባል ወይም የሚስት ስም ብቻ ቢኖርም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ «አላገባሁም» የሚል ሻጭም የጋብቻ ሁኔታውን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ ይገባዋል። ባለመብቱ ከሞተ ወራሾቹ ወራሽነታቸው ተረጋግጦ በመዝገቡ እስኪገቡ ድረስ፣ ከመካከላቸው የአንዱን ፊርማ ብቻ ይዘው አይክፈሉ።

በውክልና የሚሸጥ ሰው ከመጣ ሦስት ነገር ይጣራል። ውክልናው «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» ብቻ የሚል ከሆነ ለመሸጥ አይበቃም፤ መሸጥን፣ የሚቻል ከሆነም ይህንኑ ቦታ፣ ለይቶ መጥቀስ አለበት። ውክልናው አለመሻሩ በወረቀቱ ላይ ስለማይታይ ከሰጠው ቢሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንዲሁም ውክልና በጠቅላላው በወካዩ ሞት ስለሚቀር ወካዩ በሕይወት መኖሩ ይረጋገጥ፤ ወካዩን ራሱን በምስል ስልክ ማነጋገርና «ቦታዎን እየሸጡ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

በምንከተለው ጉዳይ ሻጩ ብቸኛው ባለመብት ነበር፤ ስሙም ከመታወቂያው ጋር ገጠመ። ችግሩ የተገኘው ቀጥሎ ባለው ገጽ ነው።

ሦስተኛ፦ ዕዳ፣ እገዳና የሌላ ሰው መብት

ስለ ዕዳና እገዳ የሚናገረውን የመዝገብ ክፍል ሲያነቡ ገንዘብ የሚጠይቁ መብቶችንና በመሬቱ ላይ ጸንተው የሚኖሩ መብቶችን ለዩ። የባንክ መያዣ፣ የግብር ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ ከመጀመሪያው ዓይነት ናቸው፤ ዕዳው ሲከፈል ወይም ክርክሩ ሲያልቅ ይነሣሉ። የጎረቤት መተላለፊያ፣ የውኃ መውረጃ፣ የኤሌክትሪክ መሥመር፣ የዕድሜ ልክ የመኖር መብት ወይም አላባ፣ ማለትም በሌላ ሰው ንብረት የመጠቀምና ፍሬውን የመውሰድ መብት፣ እንዲሁም ለሌላ ሰው የተሰጠ የቀዳሚነት ግዥ መብት ግን ባለቤቱ ቢለወጥም ከመሬቱ ጋር ሊቀጥሉ ይችላሉ። «ከማናቸውም ዕዳና እገዳ ነፃ» የሚለው የተለመደ ሐረግ እነዚህን የኋለኞቹን በግልጽ ስለማይጠቅስ፣ ሻጩ መተላለፊያው ዕዳም እገዳም አይደለም ብሎ እንዲከራከር በር ይከፍትለታል።

በጉዳያችን ግልባጩ ሁለት ነገር አሳየ። አንደኛው ከ9 ዓመት በፊት የተመዘገበ የባንክ መያዣ ሲሆን፣ ሻጩ ዕዳውን ከፍሎ እንደጨረሰ ነግሮን ባንኩ የጻፈለትን ደብዳቤ አሳየን። ደብዳቤው እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ዕዳ መከፈሉና መያዣው ከመዝገብ መሰረዙ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መያዣው በመዝገቡ እስካለ ድረስ ገዥው የስም ዝውውር ለማድረግ ይቸገራል፤ መያዣው ለሌላ ብድር የተዘረጋ መሆኑም ከደብዳቤው አይታወቅም። ስለዚህ የጠየቅነው የባንኩን የመያዣ ማንሻ ሰነድና ስረዛው የተፈጸመበትን አዲስ ግልባጭ ነው። ዕዳው ገና ያልተከፈለ ቢሆን ኖሮ ባንኩ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ የሚፈለገውን ጠቅላላ ገንዘብ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ከሽያጩም ዋጋ ላይ ያ ያህል በቀጥታ ለባንኩ እንዲከፈል እናደርግ ነበር። ገንዘቡን ለሻጩ ሰጥቶ «አንተው ክፈል» ማለት ግን የገዥውን ዋስትና በሻጩ ቃል ላይ ብቻ መጣል ነው።

ሁለተኛው ግቤት በቦታው ምሥራቃዊ ወሰን በኩል ከሰሜን እስከ ደቡብ የሚሄድ፣ 3 ሜትር ስፋት ያለው የጎረቤት መተላለፊያ ነው። ወሰኑ በዚያ በኩል 30 ሜትር ስለሚረዝም 90 ካሬ ሜትር መሬት የገዥው ሆኖ ሳለ ቤት ሊሠራበት ወይም ሊያጥረው አይችልም ማለት ነው። መተላለፊያው ሽያጩን አያስቀርም፤ ግን ዋጋን ይነካል፤ የሚሠራውም ቤት የት እንደሚቆም ይወስናል።

መዝገቡ የማያሳያቸው መብቶችም ስላሉ ምርመራው በግልባጩ አያበቃም። ቦታው ላይ ቤት ሠርቶ፣ ዘርቶ ወይም ተከራይቶ የሚኖር ሰው ካለ በምን መብት እንዳለ ሻጩ በሌለበት ራሱን ይጠይቁት፤ በእንግሊዝና ዌልስ ሕግ እንዲህ ያለው ነዋሪ መብቱ ባይመዘገብም እንኳ በተወሰነ ሁኔታ አዲሱን ባለቤት ሊያስገድድ ይችላል፤ ተመሳሳይ ደንብ ያላቸው ሌሎች አገሮችም አሉ። በሣር መካከል የተረገጠ የእግር መንገድ፣ በአጥር ላይ ያለ ትንሽ በር ወይም ክዳኑ ብቻ የሚታይ የቱቦ ጉድጓድ ሁሉ የሌላ ሰው መጠቀም ምልክት ስለሆነ ምንነቱ ይጣራ። ከዚህ በተጨማሪ የግብር ክፍያ ማረጋገጫና ቦታው ለመንገድ ወይም ለሌላ የሕዝብ ጥቅም እንዳልተፈለገ የሚያሳይ የፕላን መረጃ ከሚመለከተው ቢሮ ይወሰድ።

አራተኛ፦ የወሰኑ መግለጫ በወረቀት ላይ ይዘጋል ወይ?

ገዥዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህን ነው፤ ቀያሽ ብቻ የሚያውቀው ይመስላቸዋል። የመጀመሪያውን ምርመራ ግን ማንም ሰው በተራ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ሊሠራው ይችላል። በወሰን መግለጫው መሠረት ከአንድ ማዕዘን ተነሥቶ በእያንዳንዱ ጎን አቅጣጫና ርዝመት የተጓዘ ሰው በመጨረሻ ወደ ተነሣበት ነጥብ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ቢያንስ አንድ ቁጥር ስሕተት ነው።

ረቂቁ ውል ቦታውን እንዲህ ገልጾት ነበር፦ «በሰሜን ምዕራብ ማዕዘን ካለው የወሰን ድንጋይ፣ ከነጥብ 1 ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ 48 ሜትር እስከ ነጥብ 2፣ ከዚያ ወደ ደቡብ 30 ሜትር እስከ ነጥብ 3፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ 48 ሜትር እስከ ነጥብ 4፣ ከዚያ በ345 ዲግሪ አቅጣጫ 31.05 ሜትር ሄዶ ነጥብ 1 ላይ ይገጥማል።» አቅጣጫው የሚቆጠረው ከሰሜን ተነሥቶ በሰዓት ቆጣሪ ዙር ነው፤ ምሥራቅ 90፣ ደቡብ 180፣ ምዕራብ 270 ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህ 345 ዲግሪ ማለት ከሰሜን 15 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ያጋደለ መሥመር ነው። የአንድ ጎን ርዝመት L፣ አቅጣጫው θ ከሆነ፣ ያ ጎን ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደሚወስድ በሚከተለው ይሰላል፤ የተገኘው ቁጥር ከዜሮ በታች ከሆነ ጉዞው ወደ ምዕራብ ወይም ወደ ደቡብ ነው።

```
ምሥራቅ = L × sin(θ)
ሰሜን = L × cos(θ)
```

አሁን እንደምር። የመጀመሪያው ጎን 48 ሜትር ወደ ምሥራቅ ይወስዳል። ሁለተኛው 30 ሜትር ወደ ደቡብ ያወርዳል። ሦስተኛው 48 ሜትር ወደ ምዕራብ ይመልሳል፤ ይህን ጊዜ ተጓዡ ከነጥብ 1 በቀጥታ 30 ሜትር ወደ ደቡብ ላይ ቆሟል ማለት ነው። አራተኛው ጎን ሲሰላ 29.99 ሜትር ወደ ሰሜንና 8.04 ሜትር ወደ ምዕራብ ይሆናል። በሰሜንና በደቡብ በኩል የቀረችው 1 ሳንቲ ሜትር ቁጥሮችን ከማጠጋጋት የመጣች ስለሆነች አታሳስብም። ተጓዡ ግን ከተነሣበት ድንጋይ 8.04 ሜትር ወደ ምዕራብ ርቆ፣ ጎረቤት መሬት ውስጥ ቆሞ ነው የተገኘው። መግለጫው አልዘጋም።

ክፍተቱ የሚያመለክትበት አቅጣጫ ራሱ ስሕተቱን ለመፈለግ ይረዳል። ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ በምሥራቅና ምዕራብ መሥመር ላይ ስለሆነ በዚያው መሥመር የሚሄዱት አንደኛውና ሦስተኛው ጎኖች ይጠረጠራሉ። አራተኛው ጎን ነው የተሳሳተው ብንል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን እንዲሄድ አቅጣጫው ወደ ዜሮ፣ ርዝመቱም ወደ 30 ሜትር መለወጥ ስላለበት ሁለት ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ተሳስተዋል ማለት ይሆናል። ከሦስተኛው ጎን 8 ሜትር ቀንሰን 40 ብናደርገው ግን በአንድ ቁጥር ብቻ መግለጫው በ4 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይዘጋል። በመዝገቡ ያለው ፕላን ሲታይ ሦስተኛው ጎን በእርግጥም 40 ሜትር ነበር።

ስፋቱም ከዚህ ይከተላል። ሰሜናዊውና ደቡባዊው ጎን ትይዩ ስለሆኑ የሁለቱን አማካይ፣ ማለትም የ48ንና የ40ን አማካይ 44ን፣ በመካከላቸው ባለው 30 ሜትር እናበዛለን፤ ስፋቱ 1,320 ካሬ ሜትር ይሆናል። የውሉ 1,440 ደግሞ 48 በ30 ተባዝቶ የተገኘ ነው፤ ረቂቁን የጻፈው ሰው ቦታውን እንደ ቀጥተኛ አራት ማዕዘን ቆጥሮታል። ልዩነቱ 120 ካሬ ሜትር ነው፤ ዋጋው በካሬ ሜትር የተሰላ በመሆኑም ገዥው ከሚከፍለው አሥራ ሁለተኛው እጅ ለሌለ መሬት የሚከፈል ነበር።

የዚህ ምርመራ ወሰን ግን መታወቅ አለበት። መዝጋት የቁጥሮቹን እርስ በርስ መስማማት ብቻ ያሳያል። የውሉ ጸሐፊ አራተኛውን ጎን «ወደ ሰሜን 30 ሜትር» ብሎት ቢሆን ኖሮ መግለጫው ያለ አንዳች ክፍተት ይዘጋና 120 ካሬ ሜትር የጎረቤት መሬት በውስጡ ይይዝ ነበር። ስለዚህ ከስሌቱ በኋላ እያንዳንዱ ቁጥር ከመዝገቡ ፕላን ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ሲያመሳክሩም በፕላኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ እንጂ መሥመሩን በማስመሪያ አይለኩ፤ በ1:2500 መለኪያ በተሠራ ፕላን ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መሥመር ራሱ በመሬት ላይ 1.25 ሜትር ይሸፍናል። በእንግሊዝና ዌልስ ያለው የመዝገብ ፕላን አብዛኛውን ጊዜ የወሰኑን ጠቅላላ አቀማመጥ ብቻ የሚያሳይ ስለሆነ፣ ትክክለኛው መሥመር ከሌሎች ሰነዶችና ከመሬቱ ላይ ይፈለጋል።

ቁጥሮቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ፍርድ ቤት የትኛውን እንደሚያስቀድም ማወቅም ይጠቅማል። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የቆየ ልምድ መሠረት በመሬት ላይ ያሉ ምልክቶች፣ እንደ ወንዝና የወሰን ድንጋይ ያሉት፣ ከአቅጣጫና ከርዝመት ይቀድማሉ፤ ስፋት የሚባለው ቁጥር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ በኋላ ይመጣል። ገዥው ዓይኑን የሚጥልበትና ዋጋ የሚያሰላበት ቁጥር በክርክር ጊዜ ከሁሉ ደካማው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በውሉ ውስጥ «ስፋቱ ቢበዛም ቢያንስም» የሚል ሐረግ ካለ ደግሞ ያ ቁጥር ጭራሹን ዋስትና መሆኑ ይቀራል። ሐረጉ ይሰረዝ፤ ሻጩ አጥብቆ ከጠየቀም ልዩነቱ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥና ከዚያ በላይ ከሆነ ዋጋው እንደሚስተካከል ተጽፎ ይገደብ።

አምስተኛ፦ ወረቀቱን ይዞ ወደ መሬቱ

ከፕላኑ ጋር ወደ ቦታው ሲሄዱ ፈቃድ ያለው ቀያሽ ይዘው ይሂዱ፤ የሚፈለገውም ድንጋዩ ወይም ችካሉ ነው። አጥር ባለቤቱ እንደተመቸው ያቆመው ነገር ስለሆነ ወሰኑን አይወስንም።

በጉዳያችን ሦስቱ ድንጋዮች በአጥሩ ማዕዘኖች ላይ ተገኙ። አራተኛው፣ በደቡብ ምዕራብ ማዕዘን መሆን የነበረበት፣ አልታየም። ቀያሹ በመዝገቡ ቁጥር መሠረት ከነጥብ 3 ወደ ምዕራብ 40 ሜትር ለክቶ ችንካር ተከለና ዙሪያውን በዶማ ቀስ እያለ ጫረው። አንድ ስንዝር ያህል እንደወረደ ዶማው ድንጋይ ነካ፤ አፈሩን በእጁ ሲጠርገው በአናቱ ላይ የመስቀል ምልክት የተቀረጸበት ጥርብ ድንጋይ ወጣ። ከአጥሩ ማዕዘን 8 ሜትር ወደ ውስጥ ነበር። አጥሩን ያሠራው ሰው ያጋደለውን መሥመር ትቶ ቀጥ አድርጎ በመሄዱ ከላይ ሹል፣ ከታች 8 ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን የጎረቤት መሬት ከግቢው ጋር ተቀላቅሏል።

በምዕራብ በኩል ያለው ጎረቤት በልኬቱ ላይ እንዲገኝ ጋብዘነው ስለነበር ድንጋዩ ሲወጣ ቆሞ ያይ ነበር። «አጥሩ ሲታጠር ለጊዜው ነው ስለተባልኩ ነው ዝም ያልኩት፤ መሬቱንስ አልሰጠሁም» አለ። አዋሳኞችን መጋበዝ በአንዳንድ አገር ግዴታ፣ በሌላው የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ አስጠራለሁ፤ እንዲህ ያለውን ቃል ከገዙ በኋላ ከመስማት በፊት መስማት ይሻላል። ልኬቱ ሲያልቅም አዋሳኞች የተገኙበትን ቃለ ጉባኤ ይፈርሙ።

ሻጩ በረጅም ዘመን ይዞታ የሦስት ማዕዘኑ መሬት የእርሱ ሆኗል ሊል ይችላል፤ ብዙ አገሮች እንዲህ ያለውን መብት ዓመታቱንና ሁኔታውን ወስነው ይቀበላሉ። በጎረቤት ፈቃድ የተያዘ መሬት ግን በጠቅላላው ለዚህ አይበቃም። መከራከሪያው ጠንካራ ነው ቢባል እንኳ ሻጩ ራሱ አስወስኖ በስሙ ያስመዝግበው፤ ክርክርን ገዝቶ መውረስ የገዥው ሥራ አይደለም።

ስድስተኛ፦ ግኝቱን ወደ ውሉ ማስገባት፣ ከዚያም ቀብዱ

በምርመራ የተገኘው ነገር በውሉ ውስጥ ካልገባ ያለ ጥቅም ይቀራል። ረቂቁን እንደገና ስንጽፈው ቦታው በመዝገብ መለያ ቁጥሩ፣ በአራቱ ነጥቦች፣ በእያንዳንዱ ጎን ርዝመትና አቅጣጫ ተገለጸ፤ የቀያሹም ፕላን አባሪ ሆኖ በየገጹ ተፈረመበት። ስፋቱ 1,320 ካሬ ሜትር ሆነ፤ ዋጋውም በዚሁ ልክ ወረደ። ዕዳና እገዳን የሚመለከተው አንቀጽ እንዲህ ተጻፈ፦ «ሻጭ ቦታው ከመያዣ፣ ከግብር ዕዳ፣ ከፍርድ ቤት እገዳ፣ ከኪራይ፣ ከአላባና ከሌላ ሰው የመጠቀም መብት ነፃ መሆኑን ያረጋግጣል፤ በምሥራቅ ወሰን በኩል ያለው 3 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ግን በሁለቱም ወገኖች የታወቀ ነው።» የታወቀውን ስም ጠርቶ መጻፍ ያልተጠቀሰው ሁሉ የሻጩ ኃላፊነት እንዲሆን ያደርጋል።

ቀብዱም ለሻጩ በእጁ አልተሰጠም። ሁለቱም ወገኖች በተስማሙበት ገለልተኛ ሰው የአደራ ሒሳብ እንዲቀመጥና መያዣው ከመዝገብ መሰረዙን የሚያሳይ ግልባጭ ሲቀርብ ብቻ ለሻጩ እንዲለቀቅ ተጻፈ። ግልባጩ በ30 ቀን ውስጥ ካልቀረበ ወይም በመዝገቡ ላይ ያልተጠቀሰ መብት ከተገኘ ገንዘቡ ያለ ቅናሽ ለገዥው ይመለሳል። ይህ ካልተጻፈ ገዥው በሻጩ መዘግየት ምክንያት ቢተው እንኳ የቀብዱ ደንብ በእርሱ ላይ ሊጠቀስበት ይችላል። ሻጩ ገለልተኛ ያዥን አልቀበልም ካለ የቀብዱ መጠን ይቀነስ፤ ስረዛውም ይቅደም።

የመጨረሻው ጥንቃቄ የጊዜ ክፍተትን ይመለከታል። ግልባጩ ከወጣበትና ገንዘቡ ከሚከፈልበት ቀን መካከል አዲስ እገዳ ሊገባ ይችላል። በእንግሊዝና ዌልስ ቅድሚያ የሚሰጥ ይፋዊ የመዝገብ ፍለጋ ያደረገ ገዥ ለ30 የሥራ ቀናት ከኋላ ከሚመጣ ግቤት ይጠበቃል፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት በሌለበት ግን ግልባጩ በክፍያው ዕለት ጠዋት እንደገና ይውጣ፤ ሕጉ ከፈቀደም ውሉ እንደተፈረመ ወዲያውኑ የገዥው መብት ማስታወሻ በመዝገቡ ይግባ።

በጉዳያችን ሻጩ አጥሩን ወደ ድንጋዩ መሥመር መለሰ፤ ጎረቤቱም በቃለ ጉባኤው ላይ ፈረመ። በክፍያው ዕለት ጠዋት የወጣው ግልባጭ የመያዣው ግቤት ገና እንዳልተሰረዘ፣ ሌላም የተለወጠ ነገር እንደሌለ ስላሳየ፣ ቀብዱ ከሰዓት በኋላ ወደ አደራው ሒሳብ ገባ። ስረዛው ተፈጽሞ አዲሱ ግልባጭ ሲቀርብም ለሻጩ ተለቀቀ።